«ተቀባዩን ዴቢት፣ ሰጪውን ክሬዲት አድርግ»

ይህ በሂሳብ መዝገብ ሥራ የቆየ አባባል ነው። ገንዘብ የተቀበለው ሰው ሂሳብ በግራ፣ የሰጠው ሰው ሂሳብ በቀኝ ይመዝገብ ማለት ነው።

ሐሳቡ የመጣው ከኢጣልያ ነጋዴዎችና ባንከሮች ነው። በ1211 እ.ኤ.አ. የተጻፈ የፍሎረንስ ባንከሮች መዝገብ ቁራጭ እስከ ዛሬ ይገኛል። በዚያ ዘመን ከደንበኛው ስም ጋር «መስጠት አለበት» ወይም «ማግኘት አለበት» ተብሎ ይጻፍ ነበር። የተቀበለ ሰው ዕዳውን ይመልሳል፤ የሰጠ ሰው ይመለስለታል። ኢጣልያዊው የሒሳብ ሊቅ ሉካ ፓቾሊ በ1494 በቬኒስ ባሳተመው መጽሐፍ ያብራራው ሁለት ጎን ያለው አመዘጋገብም ያደገው ከዚህ ልማድ ነው።

አሁን አንዲት የጨርቅ ነጋዴ 20,000 ብር ባንክ አስገባች እንበል። በእርሷ መዝገብ ተቀባዩ ባንኩ ስለሆነ የባንክ ሂሳቧ 20,000 ዴቢት፣ ጥሬ ገንዘቧ 20,000 ክሬዲት ይሆናል። ከባንኩ የሚመጣው የሂሳብ መግለጫ ግን ያንኑ ገንዘብ ክሬዲት ይለዋል። ብዙ ጀማሪ ግራ የሚጋባው እዚህ ላይ ነው። መግለጫው የባንኩ መዝገብ ቅጂ መሆኑን ካስታወስን ግን ነገሩ ይፈታል፤ በባንኩ ዓይን ሰጪዋ እርሷ ናት፣ ባንኩም የእርሷ ባለዕዳ ሆኗል። አባባሉ በሁለቱም መዝገብ ያው ነው፤ የተለወጠው የሚጽፈው ሰው ብቻ ነው። ባንኩ 100 ብር የአገልግሎት ክፍያ ሲቆርጥ ደግሞ ለእርሷ ያለበት ዕዳ ስለሚቀንስ መግለጫው ዴቢት ይላል፤ እርሷ የባንክ ሂሳቧን ክሬዲት፣ የአገልግሎት ወጪን ዴቢት ታደርጋለች። ለዚህ ወጪ አባባሉ ብቻውን አይበቃም፤ ወጪ ሰው ስላልሆነ «ወጪ ሁልጊዜ ዴቢት ነው» የሚለው ሌላ ደንብ ያስፈልጋል።

ክሬዲት ማለት ገቢ፣ ዴቢት ማለት ወጪ ነው ብሎ ከመግለጫው ላይ እንዳለ የሚገለብጥ መዝገብ ያዥ ከባድ ጥፋት ይሠራል። ነጋዴዋ ቀድሞ 50,000 ብር ከነበራት፣ 20,000ው ሲጨመር 70,000 መሆን ሲገባው በመዝገቧ 30,000 ይሆናል። ሌላኛው ጎንም አብሮ ከተገለበጠ የሁለቱ ጎን ድምር እኩል ስለሚወጣ፣ ሁለቱን ድምር የሚያነጻጽረው የሙከራ ሚዛን ስሕተቱን አያሳይም። የሚገልጠው በየወሩ መዝገቡን ከባንኩ መግለጫ ጋር ማስታረቅ ነው። እዚያ የ40,000 ብር ልዩነት ሲገኝ ለሁለት ይከፈላል፤ ከዚያም 20,000 ብር የሆነ ምዝገባ ይፈለጋል፤ በተሳሳተ ጎን የተጻፈ ገንዘብ ልዩነቱን ሁልጊዜ እጥፍ ያደርገዋልና።