በዓይን የሚደመጥ ሰላምታ ምንድን ነው?

መስማት ለተሳነው ወይም መስማት ለሚቸግረው ሰው ሰላምታ ስንሰጥ መጀመሪያ ዓይኑን እናገኛለን፣ ቀጥለን በእጅና በፊት ሰላም እንላለን፣ ካልተግባባን ጥቂት ቃል ጽፈን እናሳያለን። ቅደም ተከተሉ ግን አይገለበጥም። ሰውየው ሳያየን እጅ ማወዛወዝ ሰው በሌለበት ቤት ደጅ ቆሞ «ቤቶች!» እንደማለት ነው።

ጎንደር ላይ ችግሩ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከጨዋነት ነው። ታላቅ ሰው ስንሳለም ዝቅ እንላለን፣ ዓይናችንን እንሰብራለን፤ «እንዴት አደሩ?» የሚለው ቃል የሚወጣውም አንገታችን በተደፋበት ሰዓት ነው። ጧት በብርዱ ላይ አፋችን በጋቢ ከተሸፈነማ የማይሰሙት አዛውንት የሚያዩት አናታችንን ብቻ ነው። እጅ መንሳቱን መተው አያስፈልግም፤ ከቃሉ መለየት ይበቃል። ዝቅ ብለው እጅ ይንሱ፣ ቀና ይበሉ፣ ጋቢውን ከአፍ ዝቅ ያድርጉ፣ ዓይን ለዓይን ስትገጣጠሙ ቃሉን ይናገሩ። እዚህ ላይ ትክ ብሎ ማየት ድፍረት አይደለም። እንዲያውም በምልክት ቋንቋ በሚግባቡ ሰዎች ዘንድ ወሬ መሀል ዓይንን መንቀል ነው ጆሮን እንደመድፈን የሚቆጠረው።

አንድ ሁኔታ እንመልከት። ፒያሳ አካባቢ ባለ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ አንዲት መስማት የተሳናቸው እናት ከትንሽ ልጃቸው ጋር ገብተው፣ ጀርባቸውን ለሻጩ ሰጥተው ደብተር ይመርጣሉ። ሻጩ «እንደምን አደሩ እማማ» ይላል፤ መልስ የለም። ድምፁን ከፍ ቢያደርግም ለውጥ የለውም። ማድረግ ያለበት ዞሮ ከፊት ለፊት ወይም ከጎን መቅረብ ነው፤ ከዚያ እጁን በደረት ከፍታ ሁለት ሦስት ጊዜ ቀስ አድርጎ ያወዛውዛል። ካላዩት ትከሻቸውን በጣት ጫፍ ሁለቴ ነካ ማድረግ ይቻላል። ከኋላ ድንገት መያዝ ያስደነግጣል፤ አናትን መንካትም ነውር ነው። ወለሉን በእግር መምታት የሚሠራው ጣውላ ላይ ነው። ሲሚንቶና ድንጋይ የእግርን ንዝረት እምብዛም ስለማያስተላልፍ ሰውየው ጠረጴዛ የተደገፈ ከሆነ ጠረጴዛውን መታ መታ ማድረግ ይሻላል።

ሴትየዋ ዞር ሲሉ ሻጩ ፈገግ ብሎ ራሱን ዝቅ ያደርግና መዳፉን ከፍቶ ያነሳል። ሰላምታው በዚህ አለቀ፤ ሌላ ብልሃት አይፈልግም። ስህተቱ የሚመጣው ቀጥሎ ነው፤ ወደ ልጅቷ ዞሮ «ምን ፈልገው ነው በያቸው» ይላል። ልጅቷ ብታስተረጉምም እንኳ ዓይኑ ከእናቲቱ መነቀል የለበትም።

«ከንፈሬን ያነባሉ» ብሎ መተማመንም አያዋጣም። «በላ» እና «መላ» ከንፈር ላይ አንድ ናቸው፤ «ደ»፣ «ተ» እና «ጠ»ም በዓይን አይለዩም። «ጤና ይስጥልኝ» አብዛኛው የሚነገረው በአፍ ውስጥ በምላስ ስለሆነ ለዓይን ብዙም የሚተወው የለም፤ «ሰላም» ግን ቢያንስ መጨረሻው ላይ ከንፈር ይገጥማል። በከፊል ለሚሰማ ሰው ደግሞ ጆሮው ሥር ገብቶ መጮህ የተለመደ ነው። ጩኸት ድምፁን ያዛባል፣ ጆሮ ሥር መግባት ደግሞ ፊትን ከእይታ ያወጣል። አንድ ሜትር ያህል ርቆ፣ ብርሃን በራስ ፊት ላይ እንዲያርፍ ቆሞ፣ በተለመደ ድምፅ ረጋ ብሎ መናገር ይበልጣል። በርና መስኮት ከጀርባችን ከሆነ ፊታችን ጥላ ብቻ ሆኖ ይታያል። መብራት ከጠፋ የስልኩን ባትሪ ወደ ራሳችን ፊትና እጅ እንጂ ወደ እሳቸው ዓይን አናበራም።

ወረቀቱ የሚወጣው ይህ ሁሉ ካልበቃ ነው። በቅድሚያ ብዕርና ወረቀት አሳይቶ በፊት ገጽታ «እንጻፍ?» ብሎ መጠየቅ ይገባል፤ ትምህርት ቤት ያልገባ ሰው ፊት ወረቀት መደቀን ያሳፍራል። የተማሩትም ቢሆኑ ብዙዎቹ አማርኛን የሚያውቁት እንደ ሁለተኛ ቋንቋ ነው፤ የምልክት ቋንቋ ሰዋስው የራሱ ነውና። ስለዚህ «ደህና አደሩ? ስንት ደብተር?» ይበቃል። በጽሑፍ ድምፅና ማጎንበስ ስለማይታዩ አክብሮቱን የሚሸከመው ግሱ ነው፤ «አደርሽ» ብሎ መጻፍ እናቲቱን ያስቀይማል። ስልክ ላይ ከሆነ ፊደሉ ይተልቅ። ብዕሩንም ይስጧቸው፣ አለዚያ ጠያቂው እርስዎ ብቻ ይሆናሉ። እየጻፉ አይናገሩ፤ ሰው ወረቀቱንና ከንፈሩን በአንድ ጊዜ ማየት አይችልም።

ሲመልሱልዎ ደግሞ ትንፋሽ ወደ ውስጥ ስቦ «አዎ» ማለት ከንቱ ነው፤ በጆሮ እንጂ በዓይን አይታወቅም። ቅንድብ ብቻ ማንሳትም ያምታታል፤ በብዙ የምልክት ቋንቋዎች የተነሳ ቅንድብ ጥያቄ ነው። ራስዎን ጎላ አድርገው ይነቅንቁ። የእሳቸው መነቅነቅ ግን ሁልጊዜ «ገባኝ» ማለት አይደለም፤ ለጨዋነት ብቻም ሊነቀንቁ ይችላሉ። ሻጩ አምስት ደብተር ቆጥሮ ጠረጴዛው ላይ ቢያስቀምጥና አምስት ጣቱን ቢያሳይ፣ የፈለጉት ሦስት ከሆነ ሴትየዋ ሁለቱን መልሰው ይገፉለታል።