ሳምንታዊ የባክአፕ ክሮን መስመር፦ የተጻፈው ሰዓት ምን ማለት ነው?

ክሮን በሊኑክስ ሰርቨር ላይ ትእዛዞችን በተወሰነላቸው ጊዜ የሚያስነሳ ፕሮግራም ሲሆን፣ ጊዜው የሚገለጸው በአምስት ቦታዎች ነው፦ ደቂቃ፣ ሰዓት፣ የወሩ ቀን፣ ወር እና የሳምንቱ ቀን። በመጨረሻው ቦታ ላይ 0 እሑድን፣ 6 ቅዳሜን ያመለክታል። አንድ የአዲስ አበባ ባለሙያ ባክአፑ ቅዳሜ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ፣ ማለትም ለእሑድ አጥቢያ፣ እንዲነሳ ፈልጎ የሚከተለውን ጻፈ እንበል።

```
* 8 * * 6 /usr/local/bin/backup.sh
```

መስመሩ ያለ ስሕተት ይቀመጣል፤ ክሮን የሚመረምረው አጻጻፉን እንጂ ሐሳቡን አይደለምና። በደቂቃው ቦታ ያለው ኮከብ ግን «በየደቂቃው» ማለት ስለሆነ፣ ባክአፑ ከ08:00 እስከ 08:59 ስልሳ ጊዜ ይነሳል። አንዱ ቅጂ ከአንድ ደቂቃ በላይ የሚፈጅ ከሆነ ደግሞ ቀጣዩ ሳይጠብቀው ይጀምርና ሁለቱ በአንድ ፋይል ላይ ሊጽፉ ይችላሉ።

ሁለተኛው ችግር በሰዓት አቆጣጠራችን ምክንያት የሚመጣ ነው። ክሮን ቀኑን ከእኩለ ሌሊት ስለሚጀምር፣ እኛ ቅዳሜ ሌሊት 8 ሰዓት የምንለው ለእሱ እሑድ 02:00 ነው። ሰርቨሩ በዩቲሲ የሚሠራ ከሆነ፣ እንደ ብዙ የኪራይ ሰርቨሮች ሁሉ፣ የ3 ሰዓት ልዩነቱ ሲቀነስ እሑድ 02:00 ወደ ቅዳሜ 23:00 ይመለሳል። ስለዚህ ከላይ ያለው መስመር በእኛ ሰዓት የሚሠራው ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ከ5 ሰዓት ጀምሮ፣ ተጠቃሚዎች ሥራ ላይ እያሉ ነው።

ይህን ስሕተት ለማግኘት አስቸጋሪ የሚያደርገው ውጤቱ ትክክል መምሰሉ ነው። ፋይሉ በቀን ብቻ ከተሰየመ ስልሳዎቹ ቅጂዎች እርስ በርስ እየተተካኩ አንድ ፋይል ብቻ ይቀራል፤ በ`ls -l` ሲታይም ቅዳሜ ከ8 ሰዓት በኋላ የተጻፈ ስለሚመስል፣ ባለሙያው እንዳሰበው ሆኖለት ያልፈዋል። እውነቱ የሚገኘው በመዝገቡ ነው። `date` ሰርቨሩ በየትኛው የሰዓት ቀጠና እንዳለ ሲያሳይ፣ በዴቢያንና በኡቡንቱ ላይ `/var/log/syslog` ካለ የሚከተለው ትእዛዝ እያንዳንዱን መነሻ በደቂቃው ያወጣል።

```
grep CRON /var/log/syslog
```

በዩቲሲ ላለው ሰርቨር ትክክለኛው አጻጻፍ ይህ ነው።

```
0 23 * * 6 /usr/local/bin/backup.sh
```

ኢትዮጵያ በየወቅቱ ሰዓቷን ወደፊትና ወደኋላ ስለማትቀይር ይህ ስሌት ዓመቱን ሙሉ ይሠራል። መስመሩን ከመቀየር ይልቅ ሰርቨሩን ወደ አዲስ አበባ ሰዓት ያዞረ ሰው `0 2 * * 0` ብሎ ይጽፋል፤ ይሁንና የሰዓት ቀጠናው ሲቀየር ክሮን ዳግም ካልተነሳ በአሮጌው ሰዓት ሊቀጥል ይችላል። በሁለቱም መንገድ፣ በሚቀጥለው እሑድ መዝገቡ ውስጥ የ`backup.sh` መነሻ መስመር አንድ ብቻ መገኘት አለበት።