ክፍት ቦታው ላይ «ዘ» ወይስ ምንም?

በእንግሊዝኛ ፈተና ከማይቆጠር ስም በፊት ክፍት ቦታ ሲመጣ፣ «ኤ» እና «አን» አብዛኛውን ጊዜ ከምርጫው ይወጣሉ፤ «አን ኢንፎርሜሽን» አይባልም። የሚቀረው «ዘ» ወይም ባዶ ነው። መልሱ ያለው ብዙውን ጊዜ ከስሙ በኋላ ነው። «… ዋተር ኢዝ ኢሰንሻል» ስለ ውሃ በጠቅላላ ስለሚናገር ባዶ ይተዋል። «… ዋተር ኢን ዚስ ግላስ ኢዝ ዋርም» ግን የትኛው ውሃ እንደሆነ ስለሚለይ «ዘ» ይገባል። ብዙዎችን የሚያሳስተው ቅጽል ነው። «ኮልድ ዋተር» ዓይነቱን እንጂ የትኛው እንደሆነ ስለማይነግረን፣ በጠቅላላው ሲነገር አሁንም ባዶ ነው። ረቂቅ ስምም እንዲሁ፦ «ኦነስቲ» ብቻውን፣ «ዘ ኦነስቲ ኦቭ ዘ ዊትነስ» ግን በ«ዘ»። የተጸውዖ ስም በዚህ መንገድ አይፈታም፤ መሸምደድ ይሻላል፦ ወንዙ «ዘ ናይል»፣ ሐይቁ ግን «ሌክ ቪክቶሪያ»።