የስልክ ጥሪን በቲኬት ላይ ማሳጠር፦ ቅሬታው፣ የተሞከረው፣ ቃል የተገባው እና ቀጣዩ እርምጃ

ደንበኛው ስልኩን ሲዘጋ የጥሪ ማዕከል ሠራተኛው ሥራ ገና አላለቀም። የተነጋገሩትን አሳጥሮ ቲኬቱ ላይ ማስፈር አለበት። ቲኬት ማለት አንድ ቅሬታ ከቀረበበት ሰዓት ጀምሮ እስኪፈታ ድረስ የሚጻፍበት፣ የራሱ ቁጥር ያለው መዝገብ ነው። ለማጠቃለያው የሚሰጠው ጊዜ ብዙውን ጊዜ ከጥቂት ደቂቃ አይበልጥም። ሌላ ደዋይ ወረፋ ይጠብቃል።

አንባቢው ጥሪውን ያልሰማ ባልደረባ ነው። ሁሉም ነገር ከዚህ ይነሳል። ጥሪው ተቀርጾ ሊሆን ይችላል፤ ግን ደንበኛ መስመር ላይ እያለ ቁጭ ብሎ የ22 ደቂቃ ቀረጻ የሚያዳምጥ ሠራተኛ የለም። ያለው አማራጭ ማስታወሻውን በግማሽ ደቂቃ ማንበብ ነው።

አንድ ጥሪ እንውሰድ። አንዲት ደንበኛ ረቡዕ ማታ ትደውላለች። የቤቷ ኢንተርኔት ከሰኞ ጀምሮ ማታ ማታ ይቆራረጣል። ሥራዋን የምትሠራው ከቤት ነው። በዚህ ጉዳይ ስትደውል ደግሞ ሦስተኛዋ ነው። ሠራተኛው ከ22 ደቂቃ በኋላ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦

«ደንበኛዋ ኢንተርኔት አይሠራም ብላ ደውላለች። ራውተሩን አጥፍታ እንድታበራ ተነግሯታል። ነገ ቴክኒሻን ይላካል። ስለ ገንዘብ ተመላሽ ተነጋግረናል።»

አራቱም ዓረፍተ ነገሮች ችግር አለባቸው። ከመጀመሪያው እንነሳ። «አይሠራም» እና «ይቆራረጣል» ለቴክኒሻን ሁለት የተለያዩ በሽታዎች ናቸው። ጭራሽ የማይሠራ መስመር ሲመረመር ወዲያው ይታያል። ማታ ብቻ የሚቆራረጥ መስመር ግን ጠዋት የሄደውን ቴክኒሻን «ደህና ነው» አሰኝቶ ሊመልሰው ይችላል። ስለዚህ ቅሬታው መጀመሪያ ደንበኛዋ በተናገረችው መልክ ይጻፍ፦ ከመቼ ጀምሮ፣ በየትኛው ሰዓት፣ በስንት ጊዜ አንዴ። የሠራተኛው ግምት ለብቻው ይቀመጥ። የቀድሞዎቹ ሁለት ቲኬቶች ቁጥርም እዚሁ ይግባ፤ ካልሆነ ጉዳዩ በየጊዜው እንደ አዲስ ይቆጠራል።

ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር «ተነግሯታል» ይላል። አደረገችው? ምን ሆነ? መልስ የለውም። የተሞከረ ነገር ሁሉ ከውጤቱ ጋር ካልተጻፈ የሚቀጥለው ሠራተኛ ያንኑ ያስደግማታል። በእውነቱ ጥሪው ላይ ብዙ ነገር ተሠርቶ ነበር። ራውተሩ ጠፍቶ ሲበራ ኢንተርኔቱ ተመለሰ፤ ከ10 ደቂቃ በኋላ ግን እንደገና ተቋረጠ። ላፕቶፑ በገመድ ከራውተሩ ጋር ሲገናኝም ተቋረጠ። ይህ አንድ ትልቅ ነገር ይነግረናል፤ ችግሩ ዋይፋዩ አይደለም። ሲቋረጥ ደግሞ የፋይበር ሳጥኑ ላይ LOS የሚለው መብራት ቀይ ሆነ። ይህ መብራት ቀይ ሲሆን ከውጭ የሚመጣው የብርሃን ምልክት ሳጥኑ ጋር በአግባቡ አልደረሰም ማለት ነው። ስለዚህ ራውተር ደጋግሞ ማጥፋትና ማብራት ዋጋ የለውም።

ያልተሞከረውም ከምክንያቱ ጋር ይጻፋል። የፋይበሩ ገመድ ተነቅሎ አልተሰካም፤ ከቁም ሳጥን ጀርባ ስለሆነ ደንበኛዋ አልደረሰችበትም። ቴክኒሻኑ ይህን ካነበበ ከየት እንደሚጀምር ያውቃል።

አሁን ወደ ቃል የተገባው እንምጣ። በእኔ እይታ ከማጠቃለያው ሁሉ ቶሎ የሚበላሸው ይህ ነው። ደንበኛ የተሞከረውን ሊረሳ ይችላል፤ የተባለለትን ግን አይረሳም።

«ነገ ቴክኒሻን ይላካል» ቲኬቱ በማግስቱ ሲከፈት ስህተት ይሆናል። የማን ነገ? ቀኑ ይጻፍ። ደንበኛዋ የተነገራት ሐሙስ ጥቅምት 14 ከቀኑ 11 እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ እንደሚመጣ፣ ከመምጣቱ 30 ደቂቃ በፊትም በሞባይሏ እንደሚደወልላት ነው። ማን፣ ምን፣ መቼ፣ በምን መንገድ። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ቃሉን የሚጠብቅለት ሰው አይኖርም።

«ስለ ገንዘብ ተመላሽ ተነጋግረናል» ደግሞ ከሁሉም ይብሳል። ደንበኛዋ የተቋረጠባት ቀን ከሂሳቧ እንዲቀነስ ጠይቃለች። ሠራተኛው «ጥያቄዎን ለሂሳብ ክፍል አስተላልፋለሁ፤ በ3 የሥራ ቀን ውስጥ መልስ ይደርስዎታል» ብሏታል። ቃል የተገባው መልስ እንጂ ገንዘብ አይደለም። ማስታወሻው ይህን ካልለየ፣ ማክሰኞ ስልክ ያነሳው ሌላ ሠራተኛ «አዎ፣ ይመለስልዎታል» ሊላት ይችላል። ከዚያ ሂሳብ ክፍል እምቢ ሲል ድርጅቱ ዋሽቷታል። የተከለከለም ካለ ይጻፋል፦ ዛሬ ማታውኑ ቴክኒሻን ይምጣልኝ ብላ ነበር፤ እንደማይቻል ተነግሯታል።

ስልክ ላይ ሌላ ወጥመድ አለ። ሠራተኛው እየሰማ መሆኑን ለማሳየት «እሺ፣ እሺ» ይላል፤ ደዋዩ ይህን እንደ ስምምነት ይወስደዋል። ጥሩ ሠራተኞች ስልኩ ከመዘጋቱ በፊት «እንግዲህ የተስማማነው…» ብለው ቃሉን ጮክ ብለው ያነባሉ። 15 ሰከንድ ቢወስድ ነው። ደንበኛዋ ካረመች፣ ቲኬቱ ላይ የሚገባው የታረመው ነው።

ቀጣዩ እርምጃ አጭር ነው፤ አንድ ሥራ፣ አንድ ባለቤት፣ አንድ ቀን። እዚህ ላይ ስህተት የሚበዛው ጽሑፉ ላይ ሳይሆን የቲኬቱ ሁኔታ ላይ ነው። በብዙ ሲስተሞች «የደንበኛን መልስ በመጠበቅ ላይ» የሚለው ከተመረጠ የምላሽ ጊዜ ቆጠራው ይቆማል። አንዳንዶቹም ደንበኛው ለተወሰኑ ቀናት ዝም ካለ ቲኬቱን ራሳቸው ይዘጉታል። እዚህ ግን የምትጠብቀው ደንበኛዋ ናት። ያ ሁኔታ በስህተት ከተመረጠ ጉዳዩ ማንም ሳያየው ይሞታል።

ተስተካክሎ ሲጻፍ ይህን ይመስላል፦

«ቅሬታ፦ ከሰኞ ጥቅምት 11 ጀምሮ ማታ ማታ ኢንተርኔት ይቆራረጣል። ቀን ደህና ነው። ከቤት ትሠራለች። ሦስተኛ ጥሪ፤ የቀድሞ ቲኬቶች ተያይዘዋል።
የተሞከረ፦ ራውተር ጠፍቶ በራ፤ ከ10 ደቂቃ በኋላ ተቋረጠ። በገመድም ተቋረጠ። ሲቋረጥ LOS ቀይ (ደንበኛዋ እንዳየችው)። የፋይበር ገመድ አልተነካም፤ ከቁም ሳጥን ጀርባ ነው።
ቃል የተገባ፦ ቴክኒሻን ሐሙስ 14፣ ከቀኑ 11 እስከ ምሽቱ 1፤ 30 ደቂቃ ቀድሞ በሞባይሏ ይደወላል። ረቡዕ 13 ማታውኑ ይምጣልኝ ብላ ነበር፤ እንደማይቻል ተነግሯታል። የቅናሽ ጥያቄ ለሂሳብ ክፍል ተላልፏል፤ መልስ እስከ ሰኞ 18። ቅናሹ ራሱ ቃል አልተገባም።
ቀጣይ፦ የመስመር ጥገና ቡድን ሐሙስ ይሄዳል። ካልቻለ ቡድኑ ራሱ እስከ 9 ሰዓት ደውሎ ያሳውቃታል።»

«ደንበኛዋ እንዳየችው» የሚለውን ልብ በሉ። ሠራተኛው በራሱ ስክሪን ያየው እና ከደንበኛ የሰማው አንድ አይደሉም፤ ቴክኒሻኑ ልዩነቱን ማወቅ አለበት።

የማይጻፍም አለ። የይለፍ ቃል እና ሙሉ የካርድ ቁጥር ማስታወሻ ውስጥ አይገቡም። ካርዱ ጀርባ ያለችውን የምስጢር ቁጥር ክፍያው ከጸደቀ በኋላ ማስቀመጥ የካርድ ኢንዱስትሪው የደህንነት ደንብ ይከለክላል። «ነዝናዛ ናት» የሚል አስተያየትም ቦታው አይደለም። «ሦስተኛ ጥሪዋ ስለሆነ ተበሳጭታለች» ማለት ይበቃል፤ ለሚቀጥለው ሠራተኛም ይበልጥ ይጠቅመዋል። በአውሮፓ ኅብረት ከ2018 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የግል መረጃ ሕግ መሠረት ደንበኛ ስለ ራሱ የተያዘውን መረጃ መጠየቅ ይችላል፤ የቲኬት ማስታወሻም ከዚያ መረጃ ጋር ሊሰጠው ይችላል። ሲስተሙ የውስጥ ማስታወሻ እና ለደንበኛ የሚላክ መልስ ጎን ለጎን ካስቀመጠ ደግሞ፣ አስቀምጥ ከማለት በፊት የትኛው ሳጥን ውስጥ እንደተጻፈ ማየት ያስፈልጋል።