44,100 እና 16 ቢት ምን ማለት ናቸው?

በዲጂታል ድምፅ ቀረጻ ላይ የሚታዩት ሁለቱ ቁጥሮች ደጋግመው ስለሚምታቱ ልለያቸው። ሳምፕል ሬት ድምፁ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚለካ ይነግረናል። 44,100 ጊዜ ከተለካ እስከ 22,050 ኸርዝ የሚደርስ ቀጭን ድምፅ ይያዛል፤ የሰው ጆሮ ደግሞ ከ20,000 እምብዛም አያልፍም። ቢት ዴፕዝ እያንዳንዱ ልኬት ምን ያህል በደቃቁ እንደሚመዘገብ ነው፤ ሲያንስ ከዝቅተኛ ድምፆች ሥር የሹክታ ዓይነት ጩኸት ይሰማል። ላለቀ ሥራ 16 ቢት ይበቃል። ስትቀርጹ ግን 24 ምረጡ፤ ማሲንቆው ድንገት ቢጎላ ድምፁ እንዳይሰነጠቅ ዝቅ አድርጋችሁ መቅረጽ ትችላላችሁ።

16 ቢት 2 ባይት ስለሆነ የፋይሉ መጠን ቀላል ብዜት ነው፦ 44,100 × 2 ባይት × 2 ቻናል × 60 ሰከንድ፤ ሳይጨመቅ በደቂቃ 10.6 ሜጋባይት ገደማ። በ48,000 እና በ24 ቢት 17.3 ይደርሳል። በ16 ቢት የተቀረጸውን ወደ 24 መለወጥ ፋይሉን ያሳብጠዋል እንጂ የጠፋውን አይመልስም።