«ዋናው ሰው ክሊክ ማድረጉ ነው»፦ የዩቲዩብ ርዕስን የሚያበላሹ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ዋናው ሰው ክሊክ ማድረጉ ነው። አንዴ ከገባ ቪዲዮው ራሱ ይይዘዋል።»

አይይዘውም። ሐዋሳ ላይ ስለ ሐይቁና ስለ ዓሣው የሚሠሩ ልጆች በጠዋት ካሜራ ይዘው ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ ወደ አሞራ ገደል ይወርዳሉ፣ ፀሐይ እስኪበረታ ይቀርጻሉ፣ ሌሊቱን ኤዲት ሲያደርጉ ያድራሉ። ከዚያ ያን ሁሉ ልፋት «ሐዋሳ ሐይቅ ላይ ጉድ ተፈጠረ!!» የሚል ርዕስ ሰጥተው ይለቁታል። የሚያናድደው ቪዲዮው ጥሩ ሆኖ ሳለ ነው። ሰውም ሲወጣባቸው «አልጎሪዝሙ ጠላን» ይላሉ።

ነገሩን በአንድ ቪዲዮ እንየው። ርዝመቱ 10 ደቂቃ ነው እንበል። ካሜራው ሚዛኑ ላይ ነው። አራት አምስት ቆሮሶ ተቀምጦ ልክ አንድ ኪሎ ይሞላል። ልጁ ቢላዋውን ከጭንቅላቱ ሥር ያስገባና ከአጥንቱ ጋር አስጠግቶ እስከ ጅራቱ ይስበዋል፣ ዓሣውን ገልብጦ ሌላውን ጎን ያወጣል፣ ቆዳውን ይገፍፋል። ፊሌቶው ብቻውን ተመልሶ ሚዛን ላይ ሲወጣ ከኪሎው ሲሶ ገደማ ብቻ ነው። የቀረው ጭንቅላት፣ አጥንት፣ ቆዳና ሆድ ዕቃ ነው፤ ዳር ላይ ቆመው የሚጠብቁት አባ ኮዳዎች ድርሻቸውን ይወስዳሉ። ይህ ማንም ዓሣ የሚገዛ ሰው ማወቅ የሚፈልገው ነገር ነው።

አሁን ዩቲዩብ ይህን ቪዲዮ 10,000 ጊዜ ለሰው አሳየው እንበል፤ ቁጥሮቹ ለስሌት ያህል ናቸው። ርዕሱ «ጉድ ተፈጠረ» ሲሆን ከመቶ 9 ሰው ይገባል፤ 900 ቪው ማለት ነው። እነዚህ ሰዎች የመጡት አደጋ፣ ጠብ ወይም ጉማሬ ለማየት ነው። ሚዛንና ቢላዋ ሲያዩ ይወጣሉ፤ በአማካይ አንድ ደቂቃ ከ10 ሰከንድ ቢቆዩ ጠቅላላው 17 ሰዓት ተኩል ይሆናል። ርዕሱ «ከአንድ ኪሎ ዓሣ የሚበላው ስንት ነው?» ቢሆን ደግሞ ከመቶ 6 ይግባ፤ 600 ቪው ነው። የመጡት ግን መልሱን ፈልገው ነውና በአማካይ 3 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ይቆያሉ። ድምሩ 36 ሰዓት ከ40 ደቂቃ። በ300 ቪው አንሶ በሰዓት ከእጥፍ በላይ በለጠ።

ዩቲዩብ እ.ኤ.አ. በ2012 ቪው ከመቁጠር ይልቅ ለእይታ ጊዜ ክብደት መስጠት የጀመረውም ለዚህ ነው፤ ሰውን አታልሎ የሚያስገባው ቪዲዮ ከላይ ሲቀመጥ የሚጎዳው ራሱ ዩቲዩብ ነበርና። ገቢንም ካሰባችሁ፣ ቪዲዮ መሃል ላይ ማስታወቂያ ማስገባት የሚቻለው 8 ደቂቃና ከዚያ በላይ ለሆነ ቪዲዮ ነው። በአንደኛው ደቂቃ የወጣ ሰው እዚያ ማስታወቂያ ጋ አይደርስም።

የጠፋው ሰዓት ብቻም አይደለም። የተታለለው ሰው የቻናሉን ስም ያስታውሳል፤ በሚቀጥለው ሳምንት እውነተኛ ነገር ይዛችሁ ስትመጡ ያልፋችኋል። አንዳንዱ ደግሞ ሦስቷን ነጥብ ነክቶ Don't recommend channel ይላል። ከዚያ በኋላ የምትሠሩት ምንም ያህል ቢያምር ዩቲዩብ አምጥቶ ፊቱ ላይ አያስቀምጥለትም።

ርዕሱ መዋሸቱን ለማወቅ ግምት አያስፈልግም። ዩቲዩብ ስቱዲዮ ውስጥ የቪዲዮውን Analytics ክፈቱና የተመልካች መቆያውን መስመር ተመልከቱ። 30ኛው ሰከንድ ላይ ስንት ከመቶ እንደቀረ ይጽፍላችኋል። ይህን ቁጥር ከራሳችሁ ሌሎች ተቀራራቢ ርዝመት ካላቸው ቪዲዮዎች ጋር አወዳድሩ፤ የሌላ ሰው ቻናል መለኪያ አይሆናችሁም። ክሊኩ ከወትሮው ከፍ ብሎ 30ኛው ሰከንድ ከወትሮው ዝቅ ካለ፣ ተመልካቹ ርዕሱ ላይ የተነገረውን ነገር አላገኘም። ክሊኩ ዝቅ ብሎ የገባው ሰው በደንብ ከቆየ ግን ተቃራኒው ነው፤ ርዕሱ ቪዲዮውን አሳንሶታል።

«ስለዚህ ጉጉት የሚያጭር ርዕስ ሁሉ ክሊክቤይት ነው። ያለውን በቀጥታ መጻፍ ይሻላል።»

ይህ ደግሞ ከማታለል ሸሽቶ መደበቅ ነው። «የአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ጉብኝት ክፍል 3» የሚል ርዕስ ማንንም አይዋሽም፣ ማንንም አይጠራም። ጉጉት ወንጀል አይደለም። ልዩነቱ ርዕሱ የጫረውን ጥያቄ ቪዲዮው መመለስ አለመመለሱ ላይ ነው።

ሥራው የሚጀምረው ከመልሱ ነው። ርዕስ ከመጻፋችሁ በፊት የቪዲዮውን መልስ በአንድ ዓረፍተ ነገር ወረቀት ላይ አስፍሩ፦ «ከኪሎው የሚበላው ሲሶ ገደማ ነው።» አጠገቡ መልሱ ስክሪን ላይ የሚታይበትን ደቂቃ ጻፉ። ደቂቃ መጻፍ ካቃታችሁ መልሱ ቪዲዮው ውስጥ የለም፤ ርዕሱን ተዉት። ካለ መልሱን ወደ ጥያቄ ገልብጡት። በመጨረሻ ቪዲዮውን ላላየ ሰው ርዕሱን ብቻ አንብቡለትና «ይህን ብትከፍት ምን አያለሁ ብለህ ትጠብቃለህ?» በሉት።

ይህ የመጨረሻው ጥያቄ የሚይዘው እያንዳንዱ ቃል እውነት ሆኖ ጠቅላላው ውሸት የሆነውን ርዕስ ነው። «አሞራ ገደል ዓሣ ሲገዙ የማያዩት ኪሳራ» የሚለውን ውሰዱ። ሁለት ሦስተኛው ለምግብ አልዋለምና «ኪሳራ» ማለት ይቻላል ብላችሁ ትከራከሩ ይሆናል። የሚሰማው ሰው ግን የሚጠብቀው ሚዛን የሚያጭበረብር ነጋዴ ነው። ቪዲዮው ላይ ያለው ደግሞ ፈቅዶ ያስቀረጻችሁ፣ በትክክል መዝኖ የሸጠ ልጅ ነው። ዓሣው አጥንት ስላለው ልጁ ሌባ አይባልም። እንዲህ ያለ ርዕስ ከለቀቃችሁ በኋላ እዚያ ካሜራ ይዛችሁ ስትመለሱ ማን ሊያስቀርጻችሁ ነው?

ርዕሱ ተስተካክሎ መግቢያው ከተበላሸም ውጤቱ ያው ነው። «ሰላም ውድ የቻናላችን ቤተሰቦች፣ ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ...» እያሉ 40 ሰከንድ ማባከን የተለመደ ነው። ከርዕሱ ጋር በሚታየው ምስል፣ በተምኔሉ ላይ ሚዛን ካለ በመጀመሪያዎቹ አምስት ሰከንዶች ሚዛኑ ይታይ። ሰላምታው ከዚያ በኋላ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል።

መልሱንም መጨረሻ ላይ አትደብቁት። ሲሶው 9ኛው ደቂቃ ላይ ብቻ የሚታይ ከሆነ ሰው ጣቱን ጎትቶ እዚያ ይደርስና ይወጣል፤ መስመሩ መሃል ላይ ዝቅ ብሎ 9ኛው ደቂቃ ላይ እንደ ጉብታ ሲነሳ ታዩታላችሁ። ሦስተኛው ደቂቃ አካባቢ መልሱን ስጡ፣ ከዚያ መልሱ ራሱ የሚወልደውን ጥያቄ አስከትሉ። ለጥብስ ፊሌቶ የሚፈልግና ሾርባ የሚሠራ ሰው ሒሳባቸው አንድ አይደለም፤ ለሾርባ ጭንቅላቱና አጥንቱም ስለሚያገለግል የሚጣለው ይቀንሳል። ዓሣውን ከነአጥንቱ ልግዛ ወይስ ፊሌቶውን የሚለው ጥያቄ የቀረውን ጊዜ ይሸከመዋል።

«ርዕስ እስከ 100 ፊደል ይፈቀዳል፤ ሙሉውን እንጠቀምበት።»

ይፈቀዳል እንጂ አይታይም። ስልክ ላይ ረጅም ርዕስ መጨረሻው በሦስት ነጥብ ይቆረጣል። ይህ ደግሞ አማርኛን ከሌሎች ብዙ ቋንቋዎች በባሰ ይጎዳዋል፤ ምክንያቱም ግሳችን የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። «በውቢቷ ሐዋሳ ከተማ በሚገኘው ታዋቂው የአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ተገኝተን ከአንድ ኪሎ ዓሣ የሚበላው ስንት እንደሆነ መዘንን» ብላችሁ ብትጽፉ የሚቆረጠው ጥያቄው ራሱ ነው፤ የሚቀረው የቱሪስት ማስታወቂያ ነው። ጥያቄውን ወደ ፊት፣ ቦታውን ወደ ኋላ አምጡ፦ «ከአንድ ኪሎ ዓሣ የሚበላው ስንት ነው? አሞራ ገደል ላይ መዘንን»። ጅራቱ ቢቆረጥም ጥያቄው ሙሉ ነው። «ውቢቷ» እና «ታዋቂው» ምንም የሚነግሩት ስለሌለ ወጥተዋል።

«ሲቲአር ከወረደ ርዕሱ ሞቷል።»

የግድ አይደለም። ሲቲአር ማለት ቪዲዮው ለሰው ከታየበት ጊዜ ከመቶ ስንቱ ክሊክ እንደተደረገ ነው። ዩቲዩብ ራሱ እንደሚለው ከቻናሎችና ከቪዲዮዎች ግማሹ ከ2 እስከ 10 ከመቶ ባለው ውስጥ ነው። ቪዲዮ ሲለቀቅ መጀመሪያ የሚያዩት የሚያውቋችሁ ናቸውና ቁጥሩ ከፍ ይላል፤ ለማያውቃችሁ ሰው መታየት ሲጀምር ይወርዳል። Impressions፣ ማለትም ቪዲዮው ለሰው የታየበት ብዛት፣ እያደገ ሲቲአር ከወረደ ቪዲዮው እየሰፋ ነው፤ በድንጋጤ «ሰበር» አትጨምሩበት።

«ሰበር ካላልን ማንም አያይም።»

ሰበር ነገር ከሌለ አትበሉ። አሳሳች ርዕስና ተምኔል የዩቲዩብን ደንብ ይጥሳል፣ ቪዲዮም ያስነሳል፤ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2024 ሕንድ ውስጥ ቁጥጥሩን ሲያጠብቅ የጀመረው ከሰበር ዜናና ከወቅታዊ ጉዳዮች ነው።

«ርዕስ መቀየር ቪዲዮውን ያስቀጣል።»

አያስቀጣም። ርዕሱንና ተምኔሉን በአንድ ቀን አትቀይሩ እንጂ፤ ለውጡ ከየትኛው እንደመጣ አታውቁም።

«ሁለት ርዕስ ካለን ክሊክ የበዛለትን እንያዝ።»

ዩቲዩብ በራሱ ሙከራ እንኳ እንዲህ አይመርጥም። ስቱዲዮ ላይ እስከ ሦስት ተምኔል አስገብታችሁ የምታወዳድሩበት መሣሪያ አሸናፊውን የሚለየው ባመጣው የእይታ ጊዜ ነው። ትንሽ ቻናል ላይ ግን ተመልካቹ ስለሚያንስ ሙከራው አሸናፊ ሳይለይ ሊያልቅ ይችላል። ያኔ በእጅ ይሠራል። አንዱን ርዕስ አንድ ሳምንት አቆዩት፣ ሌላውን ቀጣዩን ሳምንት። ለየሳምንቱ ሲቲአሩንና በአማካይ የተቆየበትን ሰከንድ ጻፉና አባዙ። ከላይ ባለው ምሳሌ «ጉድ ተፈጠረ» 9 በ70 ሲባዛ 630 ይሆናል፤ የሚዛኑ ርዕስ 6 በ220 ሲባዛ 1,320። ይህ ርዕሱ 100 ጊዜ ሲታይ የሚያመጣው ሰከንድ ነው። የሁለቱ ሳምንታት ተመልካች አንድ ስላልሆነ ልዩነቱ ጥቂት ከሆነ እንደ እኩል ቁጠሩት፤ እንዲህ በእጥፍ ሲራራቅ ግን ትልቁን ያዙ።