ፕሌይሊስት ከአንድ የሙዚቃ አፕ ወደ ሌላ ሲዛወር፦ የጎንደር ሠርግ ዘፈኖች ምን ይሆናሉ?

ፕሌይሊስት ሲዛወር ዘፈኑ ራሱ አይሄድም። የሚሄደው የዘፈኑና የዘፋኙ ስም፣ አልበሙና ርዝመቱ ነው። እንደ Soundiiz እና TuneMyMusic ያሉ ማዛወሪያዎች ይህን ይዘው አዲሱ አፕ ውስጥ ይፈልጋሉ። የሚመስለውን ሲያገኙ ዝርዝሩ ላይ ያስገቡታል። የዝርዝሩ ስምና የዘፈኖቹ ቅደም ተከተል አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋል። ስንት ጊዜ እንደተሰማና መቼ እንደተጨመረ ግን እዚያው ይቀራል።

ISRC የሚባል ባለ 12 ፊደልና ቁጥር መለያ አለ። የሚሰጠው ለዘፈኑ ሳይሆን ለተቀዳው ድምፅ ነው። ሁለቱም አፖች ላይ አንድ ዓይነት መለያ ከተገኘ ነገሩ ያለቀ ነው። ከሌለ ፍለጋው በስም ይሆናል፤ የእኛ ዘፈኖች ጣጣም እዚህ ላይ ይጀምራል።

ጎንደር ውስጥ ለሠርግ የተሰናዳ ዝርዝር ከYouTube Music ወደ Spotify ይዛወር እንበል። በቅርብ የወጡ አልበሞች ያለ ችግር ያልፋሉ። የጥላሁን ገሠሠ ዘፈኖች ላይ ግን ስሙ አንድ ቦታ Tilahun Gessesse፣ ኢትዮፒክስ በተባለው የአልበም ተከታታይ 17ኛ ቅጽ ላይ ደግሞ Tlahoun Gèssèssè ተብሎ ተጽፏል። የዘፈኑ ርዕስም አንዱ ጋ በግዕዝ ፊደል፣ ሌላው ጋ በላቲን ሊሆን ይችላል። ጎንደር እንኳ Gondar እና Gonder ይባላል። ማሽኑ እነዚህን ሁሉ አንድ ናቸው ብሎ ላያገናኛቸው ይችላል።

አዝማሪ ማሲንቆውን ይዞ ሲጫወት ተቀርጾ በግለሰብ ቻናል የተጫነ ቪዲዮ ደግሞ የባሰ ነው። በዘፋኙ ስም ቦታ የሚሄደው የቻናሉ ስም ነው። ያ ጨዋታ Spotify ላይ ካልወጣ ምንም ቢፈለግ አይገኝም።

እንዲህ ያለው «አልተገኘም» ተብሎ ስለሚዘረዘር ቢያንስ ይታወቃል። እኔን የሚያሳስበኝ በስህተት የተገኘው ነው። «ትዝታ»ን ያልዘፈነ ዘፋኝ የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ የአንዱ ትዝታ በሌላው ይተካል፤ ወይም የስቱዲዮው ቅጂ ሄዶ የመድረኩ ይመጣል። ማዛወሪያው ግን ተሳክቷል ብሎ ይቆጥረዋል። ይህን የሚያጋልጠው ርዝመቱ ነው። ድሮ 8 ደቂቃ ከ40 የነበረው አሁን 5 ደቂቃ ከ10 ካለ ሌላ ቅጂ ነው። የጥቂት ሰከንድ ልዩነት ግን ብዙም አያሳስብም።

ስለዚህ ሁለቱን ዝርዝሮች ጎን ለጎን ከፍቶ ርዝመታቸውን ማስተያየት ያስፈልጋል፤ ትዝታ፣ ባቲና አምባሰል ላይ በተለይ። የጎደለውን በግዕዝም በላቲንም ጽፎ በእጅ መፈለግ ነው። ይህ እስኪያልቅ የድሮውን ዝርዝር አለማጥፋት ይሻላል፤ ማዛወሪያው የሚሠራው ኮፒ ስለሆነ ዋናው እዚያው አለ። ከዚያ በኋላ ሙሽሮቹ አንዱ ላይ የሚጨምሩት ዘፈን ግን ሌላው ላይ በራሱ አይገባም።